የእንቁላል መፈልፈያ ሳጥን በአርዱይኖ፦ ጎንደር ላይ ሙቀቱን፣ እርጥበቱንና ማገላበጡን በትክክል መያዝ

የመጀመሪያዬ ሳጥን ስክሪን ላይ 37.5 ይላል። በማንኛውም ሰዓት ሄጄ ባየው 37.5 ነው። 21ኛው ቀን መጣ፣ አንድም እንቁላል አልተሰነጠቀም። በ22ኛው ቀን ማታ አንዱ ቀዳዳ አበጀ። የቀሩት በ23ኛው ቀን እየተጎተቱ ወጡ፤ ብዙዎቹ ደካሞች ነበሩ፣ እምብርታቸውም በደንብ አልተዘጋም።

ጫጩት ዘግይቶ ሲወጣ ሙቀቱ አነስተኛ ነበር ማለት ነው። ቀድሞ ከወጣ፣ ለምሳሌ በ20ኛው ቀን መጀመሪያ ላይ፣ ሙቀቱ በዝቷል። ስለዚህ የኔ 37.5 እውነተኛ 37.5 አልነበረም። በኋላ ስለካው ሴንሰሩ 0.7 ዲግሪ ጨምሮ ነበር የሚያነበው። እንቁላሎቼ ሦስት ሳምንት ሙሉ 36.8 ላይ ነበሩ።

ስለዚህ የሳጥኑን አናጺነት በአጭሩ አልፌ፣ ቁጥሮቹን እንዴት እንደምታምኗቸው ላይ እቆያለሁ።

ሳጥኑና ዕቃው

የኔ ሳጥን ከኮምፔንሳቶ የተሠራ ነው። ውስጡ 60 በ50 በ45 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ግድግዳው በ4 ሳንቲ ሜትር ነጭ ፎም ተሸፍኗል። 48 እንቁላል ይይዛል። ታች በኩል ሁለት፣ ላይ በኩል ሁለት የጣት ውፍረት ያህል ቀዳዳዎች አሉት። በሩ ላይ ትንሽ መስታወት አድርጉ፤ አለበለዚያ ለማየት ስትሉ ቶሎ ቶሎ ትከፍቱታላችሁ።

ለሙቀት ሁለት ባለ 40 ዋት የድሮ አምፖል ይበቃል። ሁለት ያልኩት አንዱ ሌሊት ቢቃጠል ሌላው እንዲይዝ ነው። ኤልኢዲ አምፖል አይሆንም፣ ሙቀት የለውም። አምፖሎቹን በቀዳዳ ቆርቆሮ ከልሏቸው። ካልከለላችኋቸው ፊት ለፊት ያለው እንቁላል በጨረሩ ብቻ ይግላል፣ አየሩን የሚለካው ሴንሰር ደግሞ ይህን አያየውም።

ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ ባለ 12 ቮልት ፋን አየሩን ያዞራል። ፋኑ ሁልጊዜ ይሠራል፣ በሪሌይ አታጥፉት። ከዚያ አርዱይኖ ናኖ፣ ውኃ የማያስገባው ዓይነት DS18B20 ለሙቀት፣ DHT22 ለእርጥበት፣ ሦስት ሪሌይ፣ አንድ ባዘር፣ ትንሽ ስክሪን። ናኖውንና ሪሌዮቹን በስልክ ቻርጀር 5 ቮልት መግቧቸው፤ የፋኑን 12 ቮልት በናኖው በኩል ወደ ሪሌይ ለማሳለፍ ብትሞክሩ የናኖው ሬጉሌተር በጣም ይግላል። ፒያሳ አካባቢ ካሉ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች የማታገኙትን ከአዲስ አበባ ማስመጣት ነው።

አምፖሉና የማገላበጫው ሞተር 220 ቮልት ናቸው። ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ ውኃ አለ። ሽቦ የምትነኩት ሶኬቱ ተነቅሎ ብቻ ነው። ሪሌዮቹን ከሳጥኑ ውጭ ክዳን ባለው ፕላስቲክ ውስጥ አድርጓቸው፣ መስመሩ ላይም ፊውዝ ይግባ። በኤሌክትሪክ እጃችሁ ያልለመደ ከሆነ ይህችን ክፍል ኤሌክትሪሺያን ይሥራላችሁ።

ሴንሰሩን መፈተሽ

ብዙ ሰው ቴርሞሜትርን በሚፈላ ውኃ ይፈትሻል፣ 100 ማለት አለበት ብሎ። ጎንደር ላይ ይህ ያሳስታል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውኃ እዚህ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። በረዶ በሚቀልጥበት ውኃ መፈተሽ ይቻላል፣ ግን እኛ የምንፈልገው ዜሮ ላይ ያለውን ስህተት ሳይሆን 37 ላይ ያለውን ነው።

ከፋርማሲ የትኩሳት መለኪያ፣ ዲጂታሉን፣ ግዙ። ይህ መሣሪያ ትክክለኛ እንዲሆን የተሠራው እኛ በምንፈልገው ሙቀት ላይ ነው፤ ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.1 ዲግሪ አይበልጥም። ፔርሙስ ውስጥ ለብ ያለ ውኃ አድርጉ፣ እጅ ሲገባ የማያቃጥል፣ 38 ገደማ። የሴንሰሩን ጫፍና የመለኪያውን ጫፍ ጎን ለጎን በላስቲክ እሰሩና አብረው ይግቡ። ውኃውን በቀስታ እያማሰላችሁ ሦስት ደቂቃ ጠብቁ። የትኩሳት መለኪያው ያየውን ከፍተኛ ቁጥር ይዞ ስለሚቀር፣ አጥፍታችሁ እንደገና በማብራት ሁለት ሦስት ጊዜ ለኩ።

እኔ ጋ መለኪያው 37.9 ሲል ሴንሰሩ 38.6 አለ። ልዩነቱ 0.7 ነው፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ ውስጥ ከእያንዳንዱ ንባብ 0.7 ይቀነሳል። የእናንተ ሌላ ይሆናል። ሴንሰር በቀየራችሁ ቁጥር እንደ አዲስ ለኩ።

ለ DHT22 ደግሞ የምግብ ጨው ይበቃል። የሃይላንድ ክዳን ላይ ጨው ሙሉና ጥቂት ጠብታ ውኃ ጨምሩ፤ እርጥብ አሸዋ መምሰል አለበት እንጂ መሟሟት የለበትም። ክዳኑንና ሴንሰሩን ሳይነካኩ አንድ ጥብቅ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አስገቡ። ሽቦው የሚወጣበትን በፕላስተር ዝጉና ሌሊቱን አሳድሩት። እርጥብ ጨው የተዘጋ አየርን ሁልጊዜ 75 በመቶ ላይ ነው የሚያቆመው። ጠዋት ሴንሰሩ 81 ካለ 6 ጨምሮ ያነባል ማለት ነው።

ከዚያ የሙቀት ሴንሰሩ የት ይሁን? እንቁላሎቹ መካከል፣ በእንቁላሉ ወገብ ቁመት፣ ምንም ሳይነካ ተንጠልጥሎ። ከአምፖሉም ከፋኑ ፊትም ይራቅ። ባዶውን ሳጥን ለአንድ ቀን አስነሱና የትኩሳት መለኪያውን በአራቱም የመደርደሪያው ማዕዘኖች እየቀያየራችሁ ለኩ። በሁለት ማዕዘኖች መካከል ልዩነቱ ከግማሽ ዲግሪ ከበለጠ ፋኑን ቦታ ቀይሩ። ይህን በፕሮግራም ማስተካከል አይቻልም።

የሙቀቱ ፕሮግራም

አየሩ በፋን ለሚዞር ሳጥን 37.5 ነው የምንይዘው። 37.4 ሲወርድ አምፖሉ ይበራል፣ 37.6 ሲያልፍ ይጠፋል። አንዳንዱ ሰው ሪሌዩን በየጥቂት ሰከንዱ እያበራ እያጠፋ ይበልጥ ሊያስተካክል ይፈልጋል። ተራ ሪሌይ ግን ሙሉ ጭነት ላይ 100,000 ጊዜ ያህል ብቻ ነው የሚቆየው። በየ20 ሰከንዱ አንዴ ቢሠራ በቀን 4,320 ጊዜ ነው፣ በ23 ቀን አለቀ። አንድ ዙር ጫጩት ማለት ነው! ሪሌይ ሲያረጅ ደግሞ ውስጡ ያለው ብረት ሊጣበቅና አምፖሉ እንደበራ ሊቀር ይችላል። በትንሽ ልዩነት ማብራትና ማጥፋቱ ለእንቁላል ይበቃዋል፤ እንቁላል ራሱ ቶሎ አይሞቅም፣ ቶሎም አይቀዘቅዝም።

ሁለተኛውን ዙር ያጣሁበትን ልንገራችሁ። በ9ኛው ቀን ውኃ ስጨምር ክርኔ የሴንሰሩን ሽቦ ነካው። በሩን ዘግቼ ሄድኩ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ስመለስ ሳጥኑ ሲነካ ያቃጥላል፣ ስክሪኑ ላይ ‑127 ይነበባል። DS18B20 ሲቋረጥ ፕሮግራሙ የሚያገኘው ቁጥር ይህ ነው። የኔ ፕሮግራም ደግሞ “ከ37.4 በታች ነው፣ አብራ” እያለ ነበር። ሁሉም አለቁ። አሁን የምጽፈው እንዲህ ነው፦

```cpp
sensors.requestTemperatures();
float t = sensors.getTempCByIndex(0) - 0.7;
bool ok = (t > 5 && t < 45);

if (!ok) {
  digitalWrite(HEAT, HIGH);   // HIGH = OFF
  tone(BUZ, 2000);
} else {
  noTone(BUZ);
  if (t < 37.4) digitalWrite(HEAT, LOW);
  if (t > 37.6) digitalWrite(HEAT, HIGH);
}
```

0.7 የነበረበት ቦታ የራሳችሁን ልዩነት አስገቡ። ብዙዎቹ የሪሌይ ሞጁሎች በ `LOW` ነው የሚበሩት፤ የእናንተ ተቃራኒ ከሆነ ቃላቱን አቀያይሩ። `setup()` ውስጥ መጀመሪያ `digitalWrite(HEAT, HIGH)` ከዚያ `pinMode(HEAT, OUTPUT)` ጻፉ፣ ሲነሳ አምፖሉ ብልጭ እንዳይል። ፕሮግራሙን ከጫናችሁ በኋላ ሆን ብላችሁ የሴንሰሩን ሽቦ ንቀሉት። አምፖሉ ጠፍቶ ባዘሩ ካልጮኸ እንቁላል አታስገቡ።

ሪሌዩ ራሱ ቢጣበቅስ? ፕሮግራም አያድነውም። ለዚህ KSD301 የሚባለውን ባለ 40 ዲግሪ፣ ሲሞቅ የሚቆርጥ ትንሽ የሙቀት ማብሪያ ማጥፊያ ገዝታችሁ በአምፖሉ መስመር ላይ በተከታታይ አስገቡት። ከኮምፒውተር ጋር ጉዳይ የለውም፣ ራሱን ችሎ ይቆርጣል። ግን 40 ተብሎ 44 ላይ የሚቆርጥም አለ። ሁለት ሦስት ግዙ፣ ሳጥኑን ባዶውን አሙቃችሁ ከ39 እስከ 40 የሚቆርጠውን ምረጡ።

እርጥበት፦ ሚዛኑ ይናገራል

ጎንደር ላይ ከሌላ ቦታ የተለየ ነገር ያለው እዚህ ነው። ከውጭ የመጣ መመሪያ ሁሉ እስከ 18ኛው ቀን 50 በመቶ ገደማ ያዙ ይላል። የሚጻፈው ግን ለቆላና ለባሕር ዳርቻ አገር ነው። እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ ግፊቱ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ትንሽ ቢበልጥ ነው። በስስ አየር ውስጥ ተን በቅርፊቱ ቀዳዳዎች በፍጥነት ይወጣል። ስለዚህ ያው 50 በመቶ ላይ ያለ እንቁላል እዚህ ቶሎ ይደርቃል። ደጋ ላይ የኖረች ዶሮ ደግሞ ተን ብዙ የማያሳልፍ ቅርፊት ያለው እንቁላል ትጥላለች፣ ይህ ልዩነቱን በከፊል ይመልሰዋል። ምን ያህል እንደሚመልሰው ግን ከእንቁላል እንቁላል ይለያያል። ቀድሞ መገመት ስለማይቻል መመዘን ነው ያለው።

እንቁላል እስከ 18ኛው ቀን ድረስ ከክብደቱ 12 በመቶ ያህል መቀነስ አለበት። ብዙ ከቀነሰ ጫጩቱ ከውስጠኛው ሽፋን ጋር ተጣብቆ ይደርቃል። ትንሽ ከቀነሰ የአየር ኪሱ ይጠብና ጫጩቱ አብጦ፣ ሊተነፍስ ሳይችል እዚያው ይሞታል።

አስር እንቁላል በእርሳስ ምልክት አድርጉና በወጥ ቤት ሚዛን አንድ ላይ መዝኑ። በሦስተኛው ዙር የኔዎቹ 520 ግራም ነበሩ። 12 በመቶው 62 ግራም ነው። ለ18 ቀን ሲካፈል በቀን 3.5 ግራም ገደማ ይሆናል። በ6ኛው ቀን 21 ግራም ቀንሰው 499 መሆን ነበረባቸው። ሳጥኑን 50 በመቶ ላይ ነበር የያዝኩት። ስመዝን 494 ሆኑ። 26 ግራም ሄዷል፣ በቀን 4.3 ማለት ነው።

አሁን ሂሳቡ ቀላል ነው። ከ62 ውስጥ 26 ስለሄደ የቀረው 36 ነው። ቀሪው ቀን 12 ስለሆነ በቀን 3 ግራም ብቻ እንዲቀንስ እፈልጋለሁ። የሚተነው ውኃ የሚከተለው አየሩ እስኪጠግብ የቀረውን ነው፤ 50 በመቶ ላይ የቀረው 50 ነው። 50ን በ3 አባዝቼ በ4.3 ሳካፍል 35 ገደማ ይመጣል። ከመቶ 35 ሲቀነስ 65። ስለዚህ እርጥበቱን 65 ላይ አደረግሁት። በ18ኛው ቀን 459 ግራም መዘኑ። ካሰብኩት በአንድ ግራም ብቻ ነው የተለየው።

እርጥበቱን ከፍ የማደርገው ውኃ በመርጨት አይደለም። ሰፊ ዝርግ ሳህን ውስጥ ውኃ አለ። ከሱ ላይ የጥጥ ጨርቅ ተንጠልጥሏል፣ ጫፉ ውኃው ውስጥ ነው። ትንሽ ባለ 5 ቮልት ፋን ጨርቁ ላይ ይነፍሳል፣ እሷን ነው አርዱይኖው የሚያበራት።

```cpp
float h = dht.readHumidity() - 6;
if (h < HSET - 2) digitalWrite(WETFAN, LOW);
if (h > HSET + 2) digitalWrite(WETFAN, HIGH);
```

`HSET` የምትፈልጉት እርጥበት ነው፤ በ6 ቦታም በጨው ያገኛችሁትን የራሳችሁን ልዩነት አስገቡ። DHT22ን ከሁለት ሰከንድ ባነሰ ልዩነት አትጠይቁት፣ ይሳሳታል። ፋኗ ያለማቋረጥ እየሠራች እርጥበቱ ካልደረሰ ጥልቅ ሳህን መጨመር አይጠቅምም፤ የሚቆጠረው የውኃው ስፋት ነው። በየካቲትና በመጋቢት ሁለት ጨርቅ እጠቀማለሁ። በሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ጨርቁን ጨርሼ የማወጣበት ጊዜ አለ። ጨርቁን በየአምስት ቀኑ እጠቡት፤ ሲሻግት ሽታው በበሩ ይመጣል።

ማገላበጥ

እንቁላሉ ሰፊው ጫፍ ወደ ላይ ሆኖ ትሪ ላይ ይቀመጣል፤ ትሪው በየሁለት ሰዓቱ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ 45 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። የተጠቀምኩት ባለ 220 ቮልት፣ በደቂቃ አምስት ዙር የሚዞር ትንሽ የማርሽ ሞተር ነው። ይህ ሞተር ሲነሳ አንዳንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዳንዴ ወደ ግራ ይዞራል። አትደንግጡ፣ ተበላሽቶ አይደለም። ሞተሩ ላይ አጭር ክንድ ገጥማችሁ ከትሪው ጋር በዘንግ ካገናኛችሁት፣ በየትም ይዙር ግማሽ ዙር ሲሄድ ትሪው ወደ ሌላው ጎን ያዘነብላል።

ግማሽ ዙሩን በሰከንድ አትቁጠሩት። ትንሽ ትንሽ እያለ ይዛነፍና በሳምንቱ ትሪው መሀል ላይ ይቆማል። ክንዱ በሁለቱ ዳር ሲደርስ የሚጫነው ትንሽ ስዊች አድርጉለት።

```cpp
void turnTray() {
  unsigned long s = millis();
  digitalWrite(MOTOR, LOW);
  delay(1500);
  while (digitalRead(SW) == HIGH && millis() - s < 15000);
  digitalWrite(MOTOR, HIGH);
  lastTurn = millis();
}
```

ስዊቹን በ `INPUT_PULLUP` አገናኙት። መጀመሪያ ያለው አንድ ሰከንድ ተኩል ክንዱ ከስዊቹ ላይ እንዲወርድ ነው። 15 ሰከንዱ ደግሞ አንድ ነገር ቢይዘው ሞተሩ ሲታገል እንዳይኖር።

`loop()` ውስጥ `if (millis() - lastTurn >= 7200000UL) turnTray();` ይገባል። ግን ይህ ብቻውን አይበቃም። መብራት በጠፋ ቁጥር `millis()` ከዜሮ ይጀምራል። መብራት በየሰዓት ተኩሉ እልም ብላ የምትመለስበት ቀን ካለ፣ ሁለት ሰዓቱ መቼም አይሞላም፤ እንቁላሉ ቀኑን ሙሉ ሳይገላበጥ ይውላል። ስለዚህ `setup()` መጨረሻ ላይም `turnTray();` ጨምሩ። መብራት በመጣ ቁጥር አንዴ ይገለብጣል፣ ቢበዛ አይጎዳም።

በመጀመሪያው ሳምንት መገላበጡ ከሁሉም ይበልጥ ያስፈልጋል። ያልተገላበጠ እንቁላል ውስጥ ጽንሱ ከሽፋኑ ጋር ይጣበቃል፣ የደም ሥሮቹም በደንብ አይዘረጉም።

መብራት ሲጠፋ

ሳጥኑ ታች ላይ ውኃ የሞሉ አራት ሃይላንድ ሁልጊዜ ይቀመጡ። ሙቀቱን ይይዛሉ፣ ሲቀዘቅዝ ቀስ ብለው ይመልሳሉ። መብራት ሲሄድ በሩን አትክፈቱ። ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ደርቡበት፣ የላይኛውን አንድ ቀዳዳ ግን ክፍት ተዉ። በተለይ ከ14ኛው ቀን በኋላ ጽንሱ ራሱ ሙቀት ያመነጫል፣ አየርም ይፈልጋል። አንድ ሁለት ሰዓት መቀዝቀዝ ብዙውን ጊዜ ያዘገያል እንጂ አይገድልም። ከዚያ በላይ ከቆየ ከሃይላንዶቹ ሁለቱን አውጥታችሁ በሙቅ ውኃ ቀይሯቸው፤ የፈላ ውኃ አይሁን።

የመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት

ቀን አቆጣጠሩን አትሳቱ። ሰኞ ማታ ያስገባችሁት እንቁላል አንድ ቀን የሚሞላው ማክሰኞ ማታ ነው። 18 ቀን ሲሞላ የሞተሩን ሶኬት ንቀሉ፣ ትሪው አግድም ይሁን። `HSET`ን 70 አድርጉ። የላይኞቹን ቀዳዳዎች ሙሉ በሙሉ ክፈቱ፤ እዚህ ከፍታ ላይ በአየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው ወደ አንድ አራተኛ ያህል ያነሰ ስለሆነ፣ ቅርፊት ለሚሰብር ጫጩት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቀዳዳው ሲከፈት እርጥበቱ ከወረደ ሁለተኛ እርጥብ ጨርቅ ጨምሩ እንጂ ቀዳዳውን አትዝጉ።

ከዚህ በኋላ በሩ አይከፈትም። ጫጩቱ ቀዳዳ ካበጀ በኋላ 12 ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ዝም ሊል ይችላል። በዚያ ጊዜ ልርዳው ብላችሁ በሩን ከከፈታችሁ እርጥበቱ ባንዴ ይወጣና ሽፋኑ እንደ ወረቀት ደርቆ ይይዘዋል።

በሦስተኛው ዙር በ7ኛው ቀን በስልክ መብራት ሳይ ከ48ቱ ሰባቱ ባዶ ነበሩ፣ አወጣኋቸው። የመጀመሪያው ጫጩት በ20ኛው ቀን ማታ ቀዳዳ አበጀ። 21ኛው ቀን ሲሞላ 33 ወጥተው ነበር። አስኳሉ ሆዳቸው ውስጥ ስለገባ ለአንድ ሁለት ቀን አይራቡም፤ ሙሉ በሙሉ ደርቀው ጸጉራቸው እስኪነፋ ድረስ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ተውኳቸው፣ ከዚያ 33 ዲግሪ ወደተዘጋጀላቸው ሳጥን አንድ ላይ አወጣኋቸው።